በስልክ የተነሣ አንቀጽ የክለሳ ጥያቄ ሲሆን

ስልክ የያዘ መምህር ዛሬ ከመማሪያ መጽሐፍ አንድ አንቀጽ ፎቶ አንሥቶ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አሥር ጥያቄ ሊያወጣበት ይችላል። ፎቶን አንብበው ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ። ጽሑፉን ተቀብለው ጥያቄ የሚያረቅቁ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞችም አሉ፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ሁለቱንም ሥራ አከታትለው ይሠራሉ። የሚቆጥቡት ጊዜ እውነተኛ ነው፤ ማታ ማታ ጥያቄ በእጁ ሲጽፍ የኖረ መምህር ዋጋውን ያውቀዋል። ነገር ግን ጥያቄው ሰሌዳ ላይ ከመውጣቱ በፊት ሥራው ሁለት ቦታ ላይ ይሰናከላል። አንዱ ፎቶው ጽሑፍ ሲሆን ነው፤ ሌላው ጽሑፉ ጥያቄ ሲሆን። ብዙ ሰው የሚጠነቀቀው ለሁለተኛው ብቻ ነው። እኔ ግን የበለጠ የሚያሳስበኝ የመጀመሪያው ነው፤ ምክንያቱም እዚያ የተፈጠረ ስሕተት ማንም ሳያየው እስከ መልስ ቁልፉ ድረስ ይዘልቃል።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። የሚከተለውን አንቀጽ ያዘጋጀሁት ለዚህ ጽሑፍ ነው፤ ርዝመቱና አነጋገሩ ግን በአማርኛ የሚማሩ የ6ኛ ክፍል ልጆች በሳይንስ መጽሐፋቸው ከሚያገኙት ብዙ አይርቅም።

«ወባ ፕላዝሞዲየም በሚባል ጥገኛ ተሕዋስ የሚመጣ በሽታ ነው። በሽታውን ከሰው ወደ ሰው የምታስተላልፈው ሴቷ የአኖፊለስ ትንኝ ናት። ወንዱ ትንኝ ግን የሚመገበው የዕፅዋትን ፈሳሽ ብቻ ስለሆነ ወባን የማያስተላልፍ ነው። ሴቷ ትንኝ እንቁላሏን የምትጥለው ባቆረ ውኃ ላይ ነው። በኢትዮጵያ ወባ በብዛት የሚታየው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በታች በሆኑ ቦታዎች ሲሆን፣ ዋናው የስርጭት ወቅት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ድረስ ነው። በሽታውን ለመከላከል በአጎበር ውስጥ መተኛት፣ ያቆረ ውኃን ማፋሰስና ማዳፈን ያስፈልጋል።»

ስድስት ዐረፍተ ነገር ነው። ለአንድ የክለሳ ጊዜ ይበቃል፤ ከዚህ የረዘመ ቢሆን ሁለት ቦታ ከፍሎ ማንሣት ይሻላል።

ፎቶው ላይ ጥቂት ልቆይ። የመማሪያ መጽሐፍ ወረቀት ብዙ ጊዜ ስስ ስለሆነ ከጀርባው ያለው ጽሑፍ ወደ ፊት ይታያል። ሰው ሲያነብ ዐይኑ ያንን ጥላ ያልፈዋል፤ ፕሮግራሙ ግን ከፊደሉ ጋር ሊደባልቀው ይችላል። ከቅጠሉ ሥር ጥቁር ወረቀት ወይም ጥቁር የደብተር ሽፋን ማስገባት ጥላውን በእጅጉ ይቀንሰዋል። ብርሃኑ ከመስኮት በጎን በኩል ቢመጣ ጥሩ ነው። የስልኩ ፍላሽ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ ነጭ ነጠብጣብ ይጥላል፤ ነጠብጣቡ ያረፈበት ቃልም ይጠፋል። መጽሐፉ በስፌቱ በኩል ስለሚጎብጥ የመስመሮቹ ጫፍ ይታጠፋል፣ ፊደላቱም ይጠባሉ። ስለዚህ ገጹን በእጅ ተጭኖ ማስተካከል፣ ስልኩንም ከገጹ ትክክል በላይ መያዝ ያስፈልጋል። ከዚያ ፎቶውን ቆርጦ አንቀጹን ብቻ ማስቀረት ይገባል። ከሥዕል ሥር ያለው መግለጫ ወይም የጎረቤቱ ዐምድ አብሮ ከገባ፣ የአንዱ መስመር ጫፍ ከሌላው መስመር መጀመሪያ ጋር ተቀጥሎ ይወጣል።

ፎቶው ማለፍ አለማለፉን የሚያሳውቅ ቀላል መፈተኛ አለ። ምስሉን በስልኩ ላይ አስፍቶ «ሚ» እና «ማ»ን መለየት ነው። ባለቤቱ ራሱ አተኩሮ አይቶ ካልለያቸው ፕሮግራሙም የሚሰጠው ግምት ነው፤ ያኔ እንደገና ማንሣት ይሻላል።

ይህን የፊደል ጥንድ የመረጥሁት በምክንያት ነው። በአንቀጹ ሦስተኛ ዐረፍተ ነገር ወንዱ ትንኝ ወባን «የማያስተላልፍ» መሆኑ ተጽፏል። በዚያ ቃል ውስጥ «ማ» ወደ «ሚ» ብትቀየር «የሚያስተላልፍ» ይሆናል። ሌላ ምንም አልተለወጠም፤ ዐረፍተ ነገሩ ግን ተገልብጧል። ሁለቱ ፊደላት የሚለዩት ከታች ባለችው በትንሽ የእግር ቅርጽ ነው፤ እሷም ወረቀቱ ከደበዘዘ ወይም ስልኩ ከተንቀጠቀጠ መጀመሪያ የምትጠፋ ናት። ቃሉ እንደ ቃል ትክክለኛ አማርኛ ስለሆነ ፊደል አራሚ ፕሮግራምም አያገኘውም። ከዚህ የተበላሸ ጽሑፍ የሚወጣው ጥያቄ «ወባን የሚያስተላልፈው የትኛው የአኖፊለስ ትንኝ ነው?» የሚል ሊሆን ይችላል፤ በመልስ ቁልፉ ላይ የሚጻፈውም «ሁለቱም» ነው። በሥርዓት የተጻፈ፣ ክፍሉን በሙሉ ግን ስሕተት የሚያስተምር ጥያቄ ነው።

ቁጥርም እንዲሁ ነው። በአማርኛ ኅትመት ውስጥ ዜሮን በዐይኑ «ዐ» ፊደል የመጻፍ የቆየ ልማድ አለ። በፎቶ ንባብ ላይ ደግሞ እውነተኛው ዜሮ ራሱ «ዐ» ተብሎ ሊነበብ ይችላል። 2000 ወደ «2ዐዐዐ» ከተቀየረ ለሰው ዐይን አይታወቅም፤ በጽሑፉ ውስጥ 2000ን በመፈለጊያ የሚፈልግ ሰው ግን አያገኘውም። ይህኛው ጉዳቱ ትንሽ ነው። የሚከፋው አንድ ዜሮ ሲጎድል ነው፤ «ከ200 ሜትር በታች» ማለት አገሩን ከሞላ ጎደል ከወባ ነጻ ማድረግ ነው። አራት ነጥብ ወደ ሁለት ጥንድ ነጥብ መቀየሩ፣ «ሠ» በ«ሰ» ወይም «ፀ» በ«ጸ» መተካቱ ትርጉም አያጠፋም። ቢሆንም ልጁ መጽሐፉ ላይ የሚያየውና ሰሌዳው ላይ የሚያየው እንዳይለያይ የመጽሐፉን አጻጻፍ መጠበቅ ተገቢ ይመስለኛል።

በኮምፒውተር መሥራት ለሚመርጥ መምህር ቴሰራክት የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። የአማርኛ የፊደል ፋይሉ አብሮ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ መስመሩ በየጊዜው ለሚቋረጥበት ትምህርት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ትእዛዙ አንድ መስመር ነው፦

```
tesseract weba.jpg weba -l amh --psm 6
```

መጀመሪያ የተጻፈው የፎቶው ስም ነው። ሁለተኛው የሚወጣው ጽሑፍ የሚቀመጥበት ስም ሲሆን፣ `weba.txt` ሆኖ ይገኛል። `amh` ቋንቋው አማርኛ መሆኑን ይነግራል፤ የመጨረሻው ቁጥር ደግሞ ምስሉ አንድ ወጥ የጽሑፍ ክምር መሆኑን ያመለክታል። ፎቶው ተቆርጦ አንቀጹ ብቻ ከቀረ ይህ አማራጭ ጥሩ ያነባል። ገጹ ሁለት ዐምድ ከሆነ ግን መስመሮቹን ያደባልቃል።

በቴሰራክት ዓይነቱ ፊደል አንባቢና በሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ፊደል አንባቢው ሲሳሳት አብዛኛውን ጊዜ ያስታውቃል፤ ትርጉም የለሽ የፊደል ድርድር፣ የተሰበረ ቃል፣ በመሐል የገባ ምልክት ይተዋል። ሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ግን የደበዘዘ መስመር ሲገጥመው ቦታውን ባዶ ከመተው ይልቅ ለዐውዱ የሚስማማ ንጹሕ ዐረፍተ ነገር ሊሞላበት ይችላል። ዐረፍተ ነገሩ ስለ ወባ እውነት ሊሆንም ይችላል፤ መጽሐፉ ላይ ግን የለም። ስለዚህ ጽሑፉ አምሮ መውጣቱ ትክክል ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ሁለቱን ሥራ ለያይቶ ማሠራት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ምስሉ ላይ ያለው ቃል በቃል እንዲጻፍ፣ የማይነበበውም «አይነበብም» ተብሎ እንዲታለፍ ብቻ ማዘዝ ይገባል። ጥያቄ የሚታዘዘው ጽሑፉ ከመጽሐፉ ጋር ከተመሳከረ በኋላ ነው። ሁለቱ በአንድ ትእዛዝ ከተሠሩ መምህሩ ፕሮግራሙ ምን ብሎ እንዳነበበ የሚያይበት ቦታ አይኖረውም፤ የሚያየው ጥያቄዎቹን ብቻ ነው።

ለማመሳከር የተሻለው መንገድ ሁለት ሰው ሆኖ መሥራት ነው፤ አንዱ ከመጽሐፉ ድምፁን አውጥቶ ያነባል፣ ሌላው በስክሪኑ ላይ ይከተላል። ብቻውን የሆነ ሰው ጣቱን መጽሐፉ ላይ አድርጎ መስመር በመስመር ይሂድ። ስክሪኑን ብቻ አንብቦ «ልክ ነው» ማለት ግን አይሠራም፤ ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው ዐይኑ የሚያየው መሆን የነበረበትን ነው። ጊዜ ካጠረ ሦስት ነገሮች ይቅደሙ፦ አሉታ ያለባቸው ግሦች፣ ቁጥሮች፣ እንደ ፕላዝሞዲየምና አኖፊለስ ያሉ ስሞች። ከዚያ የዐረፍተ ነገሮቹን ብዛት መቁጠር ነው። መጽሐፉ ላይ ስድስት ከሆነና ስክሪኑ ላይ አምስት ካለ አንድ መስመር ተዘሏል።

አሁን ወደ ጥያቄዎቹ እንሂድ።

አንድ ሕግ ከሁሉ በላይ ይጠቅማል፤ እያንዳንዱ ጥያቄ ሲረቀቅ መልሱ የተገኘበት ዐረፍተ ነገር ከአንቀጹ እንዳለ ተገልብጦ ከጥያቄው ሥር እንዲቀመጥ ማድረግ። መምህሩ ያንን ዐረፍተ ነገር በተመሳከረው ጽሑፍ ውስጥ በመፈለጊያ ይፈልገዋል። ካገኘው ጥያቄው መሠረት አለው። ካላገኘው ፕሮግራሙ ከራሱ አምጥቶታል ማለት ነው። ከወባው አንቀጽ ላይ «ወባ በብዛት የሚገድለው የትኛው የዕድሜ ክልል ያሉ ሰዎችን ነው?» የሚል ጥያቄ ቢወጣ ርእሱ ወባ ስለሆነ ያለ ጥርጥር ሊያልፍ ይችላል፤ አንቀጹ ግን ስለ ዕድሜ አንድም ቃል አልተናገረም። እንዲህ ያለው ጥያቄ ልጁ የተማረውን አይለካም፤ የሚለካው ቤቱ ሬዲዮ መኖር አለመኖሩን ነው።

የመጀመሪያውና ቀላሉ ዓይነት ጥያቄ በቀጥታ የሚያስታውሱት ነው፤ «ወባን ከሰው ወደ ሰው የምታስተላልፈው ትንኝ ምን ትባላለች?» መልሱ ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ውስጥ አለ። ለመጀመሪያ ማሞቂያ አንድ ወይም ሁለት እንዲህ ያለ ጥያቄ በቂ ነው። ፕሮግራሞቹ በነጻ ከተለቀቁ ግን አሥሩንም እንዲህ የማድረግ ዝንባሌ አላቸው፤ ዐረፍተ ነገር ወስደው አንዱን ቃል በ«ምን» ወይም በ«የት» መተካት ቀላላቸው ነውና። ትምህርቱን ጨርሶ ያልተረዳ ልጅም የቃላቱን ቅደም ተከተል አስታውሶ ሊመልሳቸው ይችላል።

ሁለተኛው ዓይነት ጥያቄ ምክንያትን ይጠይቃል። «ወንዱ የአኖፊለስ ትንኝ ወባን የማያስተላልፈው ለምንድን ነው?» ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ወንዱ የሚመገበው የዕፅዋትን ፈሳሽ መሆኑን ይናገራል፤ ደም እንደማይመጥ ግን በግልጽ አልተጻፈም። ልጁ ያቺን አንድ እርምጃ ራሱ መራመድ አለበት። ምርጫ ቢሰጥበት «ሀ. ደም ስለማይመጥ፣ ለ. ሌሊት ስለማይበር፣ ሐ. ከሴቷ ስለሚያንስ» ሊሆን ይችላል። አራተኛ ምርጫ አልጨመርሁም። አሜሪካዊው ተመራማሪ ማይክል ሮድሪገዝ በ2005 እ.ኤ.አ. ብዙ ጥናቶችን ሰብስቦ ሲያነጻጽር፣ ለአብዛኛው የምርጫ ጥያቄ ሦስት አማራጭ በቂ ሆኖ አግኝቶታል። አራተኛው ብዙ ጊዜ ማንም የማይመርጠው መሙያ ነው። ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ለሚጽፍ መምህር ይህ ጊዜም ቦታም ያተርፋል።

የተሳሳቱት አማራጮች ከየት ይምጡ? እዚህ ላይ ፕሮግራሞቹ ደካማ ናቸው፤ መምህሩ ደግሞ ከማንም በላይ ያውቃል። ለስድስተኛው ዐረፍተ ነገር «ወባን ለመከላከል የሚረዳው የቱ ነው?» የሚል ጥያቄ ረቅቆ «ሀ. በአጎበር ውስጥ መተኛት፣ ለ. ኳስ መጫወት፣ ሐ. ፀጉርን መቆረጥ» የሚል አማራጭ ቢሰጠው፣ አንቀጹን ያላነበበ ልጅም ይመልሰዋል። አማራጮቹ ልጆቹ በእውነት የሚያስቡትን ቢይዙ ግን ጥያቄው ሌላ ይሆናል። በአገራችን ወባ በሚበዛባቸው አካባቢዎች በሽታው የሚመጣው የቆሸሸ ውኃ በመጠጣት ወይም የበቆሎ አገዳ በመብላት ነው ብሎ የሚያምን ሰው ይገኛል። የበቆሎው እምነት መነሻው የሚገባ ነው፤ እሸት የሚደርስበትና ወባ የሚበረታበት ወቅት ይገጣጠማል። ስለዚህ «ሀ. በአጎበር ውስጥ መተኛት፣ ለ. የሚጠጣ ውኃን ማፍላት፣ ሐ. የበቆሎ አገዳ አለመብላት» ተብሎ ቢቀርብ፣ «ለ»ን የመረጠ ልጅ ውኃው ትንኟ እንቁላል የምትጥልበት እንጂ በሽታው የሚጠጣበት እንዳልሆነ አልገባውም ማለት ነው። መምህሩ ምን ደግሞ ማስተማር እንዳለበት ወዲያው ይነግረዋል። ውኃ ማፍላት በራሱ ጥሩ ልማድ ስለሆነ መልሱ ሲነገር «ማፍላቱ ለሌላ በሽታ ይጠቅማል፣ ወባን ግን አይከላከልም» ብሎ መጨመር ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ዓይነት ጥያቄ የተማሩትን ወደማያውቁት ቦታ የሚወስድ ነው። ከአምስተኛው ዐረፍተ ነገር ተነሥቶ እንዲህ ማለት ይቻላል፤ «ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ወባ በብዛት ይታያል ብለህ የምትጠብቀው በየትኛው ነው? ለምን?» የከተሞቹ ከፍታ አንቀጹ ውስጥ የለም፤ ነገር ግን ጥያቄው ራሱ ስለሰጠው ልጁን ከመጽሐፉ ውጭ አያስወጣውም። የሚፈለግበት ሁለቱን ቁጥሮች ከ2000 ጋር ማነጻጸር ብቻ ነው። መምህሩ በከተሞቹ ምትክ የራሱን ቀበሌና ልጆቹ የሚያውቁትን ጎረቤት ደጋ ወይም ቆላ ቢያስገባ ይበልጥ ያምራል።

ከአንቀጹ ከሚወጡት ሁሉ እኔ የምወድደው ጥያቄ ግን ይህ ነው፤ «ወባ የሚበዛው ዝናቡ በሚበረታበት በሐምሌ ሳይሆን ከመስከረም በኋላ ነው። ለምን ይመስልሻል?» መልሱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አልተጻፈም። አራተኛውን፣ ትንኟ እንቁላሏን ባቆረ ውኃ ላይ መጣሏን፣ ከአምስተኛው፣ ከስርጭቱ ወቅት ጋር ማጋጠም ያስፈልጋል። የቀረውን ልጇ ከቤቷ ታውቀዋለች፦ ክረምቱ ሲወጣ ጎርፉ ይቆማል፣ ውኃው ግን በየጉድጓዱና በየሰኮናው ዱካ ተኝቶ ይቀራል። «ሙቀት ስለሚጨምር» ብሎ የሚመልስ ልጅ ሊኖር ይችላል። ሙቀት ለትንኟም ለተሕዋሱም እድገት ስለሚረዳ መልሱ ስሕተት አይደለም፤ አንቀጹ ውስጥ አለመኖሩ ብቻ ነው። ስለዚህ እንዲህ ላለው ጥያቄ የመልስ ቁልፉ አንድ ቃል መሆን የለበትም። «ያቆረ ውኃ» እና «እንቁላል መጣል» የሚሉት ሁለት ሐሳቦች መኖራቸውን ማየት፣ ሌላውን ትክክለኛ ምክንያት ደግሞ ተቀብሎ «ከአንቀጹስ?» ብሎ መመለስ ይቻላል።

እውነት ወይም ሐሰት የሚባለውን ዓይነት በክለሳ ላይ አልመክረውም፤ ሳያውቁ በግምት የመመለስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ማቅረብ የግድ ከሆነ ሐሰት ያለው ልጅ ዐረፍተ ነገሩን አስተካክሎ እንዲጽፍ ይደረግ።

ረቂቁ ካለቀ በኋላ የመልስ ቁልፉን ብቻውን ከላይ ወደ ታች ማየት ጥሩ ነው። ፕሮግራም ያረቀቃቸው የምርጫ ጥያቄዎች ላይ ትክክለኛው መልስ በአንድ ፊደል ላይ የመከማቸት ነገር ይታያል፤ ለምሳሌ ከስምንቱ ስድስቱ «ለ» ይሆናሉ። ሌላው ምልክት ርዝመት ነው። ትክክለኛው አማራጭ ሙሉ ማብራሪያ ይዞ ሲረዝም፣ ስሕተቶቹ ሁለት ሁለት ቃል ሆነው ይቀራሉ። ልጆች ይህን በፍጥነት ይለያሉ። እንዲሁም የአንዱ ጥያቄ አጠያየቅ የሌላውን መልስ እንዳይሰጥ ማየት ያስፈልጋል። «ሴቷ የአኖፊለስ ትንኝ እንቁላሏን የት ትጥላለች?» የሚለው ጥያቄ «ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ ምን ትባላለች?» ከሚለው ቀጥሎ ሰሌዳው ላይ ካለ፣ የመጀመሪያውን የማያውቅ ልጅ ከሁለተኛው ይገለብጣል።

ጥያቄዎቹ መቼ ይቅረቡ? በሴንት ሉዊስ በሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ በ2006 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሙከራ እዚህ ላይ ይረዳል። ተማሪዎች አጭር ጽሑፍ ካነበቡ በኋላ ከፊሎቹ ደግመው አነበቡት፤ ከፊሎቹ ጽሑፉን ሳያዩ የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ አስታውሰው የጻፉት 56 በመቶውን ሲያስታውሱ፣ ደግመው ያነበቡት 42 በመቶውን ብቻ አስታወሱ። ስለዚህ ጥያቄዎቹን አንቀጹ እንደተነበበ መጽሐፍ ሳይከደን ማቅረብ ጥቅማቸውን ይቀንሳል። መጽሐፉ ተከድኖ፣ ሁለት ሦስቱ በማግስቱ፣ የቀሩት በሳምንቱ ቢቀርቡ ይሻላል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ሮዲገርና ኤልሳቤጥ ማርሽ በ2005 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ተማሪዎች በምርጫ ጥያቄ ላይ ያነበቡትን የተሳሳተ አማራጭ በኋላ እንደ እውነት ሊያስታውሱት ይችላሉ። ትክክለኛውን መልስ ወዲያው መስማት ይህን ጉዳት ይቀንሳል። የበቆሎ አገዳውን አማራጭ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ደወል ሲደወል መልሱን ሳይናገሩ መውጣት፣ እምነቱን ላልነበረው ልጅ ማስተማር ሊሆን ይችላል። ለስድስት ጥያቄ ጊዜ ከሌለ ሦስት ጠይቆ የሦስቱንም መልስ ተናግሮ መጨረስ ይመረጣል።

ስድሳ ልጅ ባለበት ክፍል ወረቀት ማባዛት አያስፈልግም። እያንዳንዱ ልጅ ከደብተሩ ሦስት ቁራጭ ወረቀት ቀድዶ ሀ፣ ለ፣ ሐ ብሎ በትልቁ ይጽፍባቸዋል፤ ለዓመቱ ሙሉ ያገለግላሉ። ጥያቄው ሰሌዳ ላይ ይወጣል፣ ለማሰብ ትንሽ ጊዜ ይሰጣል፣ ከዚያ መምህሩ ሲያጨበጭብ ሁሉም እኩል ያነሣሉ። እኩል መነሣቱ ዋና ነገር ነው፤ ካልሆነ ከኋላ ያሉት የፊተኞቹን እያዩ ያነሣሉ። መምህሩ የሚቆጥረው ትክክለኛውን ብቻ አይደለም። ሃያ ልጅ «ለ. የሚጠጣ ውኃን ማፍላት» ካነሣ፣ ችግሩ በአራተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ መሆኑን ያውቃል፤ ወደዚያው ተመልሶ ትንኟና ውኃው ምን እንደሚያገናኛቸው ያስረዳል። ሃያዎቹ በሦስቱም አማራጮች ላይ ተበትነው ከሆነ ግን ልጆቹ እየገመቱ ነው፤ ያኔ አንቀጹ ከመጀመሪያው መነበብ ይኖርበታል።

ጥያቄው ካለፈ በኋላ የመጽሐፉ ገጽ፣ የቀረበበት ቀንና ስንት ልጅ እንደሳተው በአንድ ደብተር ይመዝገብ። ሁሉም የመለሱት ጥያቄ ለሚቀጥለው ሳምንት አይመለስም። ማንም ያልመለሰው ከሆነ ልጆቹን ከመውቀስ በፊት መጽሐፉን ገልጦ ጥያቄው የወጣበትን ዐረፍተ ነገር በጣት እየተከተሉ እንደገና ማንበብ ነው፤ አንዲት ፊደል አምልጣ ሊሆን ይችላል።